ኢምፕሊሲት ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ፦ መልሱ ላይ ያለው 42 ከየት መጣ?

ሜላት_12

ሰላም ለሁላችሁ። x² + xy + y² = 7 ተሰጥቶ y''ን ፈልጉ የሚል ጥያቄ ላይ ተይዣለሁ። የመጀመሪያውን ዴሪቬቲቭ ያለ ችግር አገኘሁት፦

y' = −(2x + y)/(x + 2y)

ከዚያ ኮሽንት ሩል ተጠቀምኩና y' ባየሁበት ቦታ ሁሉ ይህንን ክፍልፋይ ከተትኩበት። ክፍልፋይ በክፍልፋይ ላይ ተደራርቦ ግማሽ ገጽ ሞላ። እንደምንም ጨርሼ እዚህ ደረስኩ፦

y'' = −(6x² + 6xy + 6y²)/(x + 2y)³

ዎርክሺቱ መጨረሻ ላይ ያለው መልስ ግን −42/(x + 2y)³ ነው። ታች ያለው አንድ ነው። ላይ የነበሩት x እና y የት ገቡ? 42ስ ከየት መጣ? ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ደግሞ ነጥብ (1, 2) ላይ ዋጋውን አስሉ ይላል። በየትኛው ልሂድ?

ቀመር_ወዳድ

ሜላት፣ አልተሳሳትሽም፤ አንድ መስመር ብቻ ነው የቀረሽ። ከላይኛው 6ን አውጪና ቅንፉ ውስጥ የሚቀረውን ከጥያቄው ጋር አስተያዪው፦

−6(x² + xy + y²)/(x + 2y)³

ቅንፉ ውስጥ ያለው የተሰጠሽ እኩልዮሽ ግራ ጎን ራሱ ነው። ከርቩ ላይ እስካለን ድረስ x² + xy + y² ምንጊዜም 7 ነው። 6 × 7 = 42። x እና y የትም አልገቡም፤ በዚያ መልክ ሲደመሩ 7 እንደሚሆኑ ከመጀመሪያው ተነግሮናል።

እንዲህ ባለ ጥያቄ መተካት ያለብን ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው y'ን በ x እና በ y መተካት ነው፤ ሁለተኛው የመነሻውን እኩልዮሽ መልሶ ማስገባት ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሠርቶ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

ግማሽ ገጽ የፈጀብሽ ደግሞ የመጀመሪያውን መተካት ስላቻኮልሽው ነው። ኮሽንት ሩል ከተጠቀምሽ በኋላ y'ን ለጊዜው እንደ አንድ ፊደል ተይው፦

y'' = −[(2 + y')(x + 2y) − (2x + y)(1 + 2y')]/(x + 2y)²

ቅንፎቹን አባዢ። ከግራ 2x + 4y + xy' + 2yy' ይወጣል፤ ከቀኝ የሚቀነሰው 2x + y + 4xy' + 2yy' ነው። 2x ከ 2x ጋር፣ 2yy' ከ 2yy' ጋር ይጣፋል፤ የሚተርፈው 3y − 3xy' ብቻ ነው፦

y'' = −3(y − xy')/(x + 2y)²

y'ን የምትተኪው አሁን ነው፤ ያውም አንድ ቦታ ላይ ብቻ፦

y − xy' = y + x(2x + y)/(x + 2y) = (2x² + 2xy + 2y²)/(x + 2y) = 14/(x + 2y)

3 × 14 = 42፣ ታች ያለውም ከካሬ ወደ ኪዩብ ከፍ ይላል። ያንቺው መንገድ ነው፤ የተለወጠው የመተካቱ ሰዓት ብቻ ነው። y'ን ቀድመሽ ብትከችው እነዚያ የሚጣፉት ተርሞች ክፍልፋይ ለብሰው ስለሚመጡ መጣፋታቸው አይታይም።

ቶሎ_ቶሎ

(1, 2) ላይ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ነጥቡን መጀመሪያ አስገቢው። ታች 1 + 4 = 5፣ ላይ 2 + 2 = 4፤ ስለዚህ y' = −4/5። ከዚህ በኋላ በቁጥር ነው መቀጠል። ፊደል ይዞ መጓተት ጊዜ ይበላል።

ሜላት_12

ግን y' = −4/5 ብዬ እንደገና ዲፈረንሺየት ባደርገው ዜሮ አይሆንም? የቁጥር ዴሪቬቲቭ ዜሮ ነው።

ቀመር_ወዳድ

ትክክል ነሽ፣ ዜሮ ይሆናል፤ እሱም ስህተት ነው። −4/5 በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ያለ ስሎፕ ነው። y'' የሚጠይቀው ስሎፑ ከነጥቡ ሲርቅ እንዴት እንደሚለወጥ ነው፤ ቁጥሩን ካስገባሽ በኋላ ደግሞ የሚለወጥ ነገር አይኖርም።

ሆኖም ቶሎ_ቶሎ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ቁጥር ማስገባት ይቻላል፤ ግን ሁለቱንም ዲፈረንሺየሽን ከጨረሱ በኋላ። ለዚህ ደግሞ ከኮሽንት ሩል የሚሻል መንገድ አለ። y'ን ነጥለሽ ሳታወጪ፣ መጀመሪያ ዲፈረንሺየት ያደረግሽውን መስመር እንዳለ ያዢው፦

2x + y + xy' + 2yy' = 0

ይህንን መስመር አሁንም አንዴ ዲፈረንሺየት አድርጊው፦

2 + y' + (y' + xy'') + (2(y')² + 2yy'') = 0

xy' ምርት ስለሆነ ሁለት ተርም ይሰጣል። 2yy'ም እንዲሁ፦ የ y ዴሪቬቲቭ y' ነው፤ ያ ከነበረው y' ጋር ተባዝቶ (y')² ይሆናል። ስትሰበስቢው፦

(x + 2y)y'' = −2(1 + y' + (y')²)

(1, 2)ን እዚህ ላይ አስገቢ፦ 5y'' = −2(1 − 0.8 + 0.64) = −1.68፤ y'' = −0.336። ከቀመሩም −42/5³ = −42/125 = −0.336። ክፍልፋይ በክፍልፋይ የሚባል ነገር አልገጠመንም።

ቶሎ_ቶሎ

ሁለተኛው ዲፈረንሺየሽን ካለቀ በኋላ መሆን አለበት የሚለውን ተቀብያለሁ፤ አጻጻፌ ያሳስታል። ጥያቄው ነጥብ ብቻ ከሰጠ ግን −42/(x + 2y)³ ድረስ መሄድ አያስፈልግም የሚለው አቋሜ እንዳለ ነው። (x + 2y)y'' የሚለው መስመር ላይ ቆሞ ቁጥር ማስገባት ይበቃል።

አስጠኚ_ጎንደር

ለአንድ ነጥብ ከሆነ እስማማለሁ። አጠቃላዩን ቀመር ያየ ሰው ግን ተጨማሪ ነገር ያያል። −42/(x + 2y)³ ላይ፣ ላይ ያለው ምልክቱ የማይለወጥ ቁጥር ነው። ስለዚህ x + 2y ፖዘቲቭ በሆነበት የከርቩ ክፍል ሁሉ y'' ኔጌቲቭ ነው፤ ከርቩ ወደ ታች ይጎብጣል። x + 2y ኔጌቲቭ በሆነበት ተቃራኒው ነው። x + 2y = 0 የሆነበት ቦታ ላይ ታንጀንቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እዚያ y'ም y''ም የሉም። ሜላት መጀመሪያ የጻፈችው −(6x² + 6xy + 6y²) ውስጥ ግን የ xy ምልክት ስለሚለዋወጥ ይህን በአንድ እይታ ማንበብ አይቻልም።

ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ሲሠሩ የሚመጡትን ስህተቶች (1, 2) ላይ አስልቼ ላስቀምጥላችሁ፤ ከስህተቱ ቁጥር ተነስታችሁ ስህተቱ የት እንደገባ ማወቅ ትችላላችሁ።

−0.24 ካገኛችሁ፣ ኮሽንት ሩል ላይ yን እንደ ኮንስታንት ቆጥራችሁታል። የ 2x + y ዴሪቬቲቭ 2 + y' መሆኑ ቀርቶ 2፣ የ x + 2y ደግሞ 1 ብቻ ተብሏል። መልሱ −3y/(x + 2y)² ሆኖ ንጹሕ ስለሚመስል ሰው አይጠረጥረውም።

−0.08 ካገኛችሁ፣ በሁለተኛው መንገድ ሄዳችሁ 2yy'ን ዲፈረንሺየት ስታደርጉ 2yy'' ብቻ ጽፋችኋል። 2(y')² ቀርቷል።

−0.496 ከሆነ ደግሞ xy' ላይ ፕሮዳክት ሩል አልተሠራም። አንድ y' ጎድሏል ማለት ነው። ሁለት መሆን ያለበት y' አንድ ሆኖ ሲቀር ምልክቱም መጠኑም ከእውነተኛው ብዙ ስለማይርቅ በዓይን አይያዝም።

በካልኩሌተር ማረጋገጥ ለሚፈልግ፦ ይህ ከርቭ yን ነጥሎ ማውጣት የሚፈቅድ ነው። የላይኛው ክፍል y = (−x + √(28 − 3x²))/2 ነው። x = 0.9 ላይ y = 2.07834፣ x = 1.1 ላይ y = 1.91830። ሁለቱን ደምራችሁ የመሀሉን ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 4ን፣ ቀንሱ፤ −0.00336 ይመጣል። በ 0.1 ካሬ፣ በ 0.01 ማለት ነው፣ ስታካፍሉት −0.336። አምስት ዲጂት ያዙ፤ በሁለት ዲጂት ብትሠሩት የሚቀናነሱት ቁጥሮች በጣም ስለሚቀራረቡ መልሱ ትርጉም ያጣል።

የማታ_ተማሪ

የኔም ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚሁ ልጨምር። x = t²፣ y = t³ ተሰጥቶኛል። y' ለማግኘት 3t²ን ለ 2t አካፍዬ 3t/2 አገኘሁ። y'' ላይ ሁለተኛ ዴሪቬቲቮቹን፣ 6tን ለ 2 አካፈልኩና 3t ወጣ። መልሱ 3/(4t) ነው ይላል። የመነሻውን እኩልዮሽ መልሼ ስላልተካሁ ይሆን?

አስጠኚ_ጎንደር

አይደለም ወንድሜ፣ ያንተ ፓራሜትሪክ ነው፤ ኢምፕሊሲት አይደለም፤ መልሶ መተካቱ አይመለከትህም። ስህተትህ ሁለተኛ ዴሪቬቲቮቹን ማካፈልህ ላይ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ የሚካፈለው የ y' ዴሪቬቲቭ በ t ነው፤ አካፋዩ ደግሞ አሁንም የ x የመጀመሪያ ዴሪቬቲቭ ነው። የ 3t/2 ዴሪቬቲቭ 3/2፣ ያንን ለ 2t ስታካፍለው 3/(4t)። ለዝርዝሩ ለብቻው ክር ብትከፍትለት ይሻላል፣ እዚህ ይደባለቅብናል።

ሳሮን_ፊ

ቀመር_ወዳድ እንዳሉት ሁለት ጊዜ ተክቼ x² + y³ = 1 ላይ ሞከርኩት። y' = −2x/(3y²)። በኮሽንት ሩል ሄጄ y'ን ስተካ፦

y'' = −(6y³ + 8x²)/(9y⁵)

አሁን የመነሻውን እኩልዮሽ ላስገባ ስል x² + y³ የሚል ቅንፍ አላገኘሁም። 6 እና 8 አንድ ስላልሆኑ አይወጣም። ተሳስቻለሁ ወይስ ይህ ጥያቄ ንጹሕ መልስ የለውም?

ቀመር_ወዳድ

ስሌትሽ ልክ ነው። እዚህ እኩልዮሹ ሙሉውን አይገባም፤ በከፊል ነው የሚገባው። y³ = 1 − x² ብለሽ ብትተኪ ላይኛው 6 − 6x² + 8x² = 6 + 2x² ይሆናል፦

y'' = −2(x² + 3)/(9y⁵)

x² = 1 − y³ ብለሽ ብትተኪ ደግሞ፦

y'' = 2(y³ − 4)/(9y⁵)

ሦስቱም እኩል ናቸው፤ ከርቩ ላይ ባለ በማንኛውም ነጥብ አንድ ቁጥር ይሰጣሉ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጥ ነበር፤ x² + 3 ምንጊዜም ፖዘቲቭ ስለሆነ የ y'' ምልክት በ y ብቻ እንደሚወሰን ወዲያው ይታያል።

ሳሮን_ፊ

እኔ ሦስተኛው ነው ደስ ያለኝ። በ y ብቻ የተጻፈ ስለሆነ ነጥቡ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የማስገባው።

ቶሎ_ቶሎ

እኔ ደግሞ −(6y³ + 8x²)/(9y⁵) ላይ እቆማለሁ። ጥያቄው «በ x እና በ y ግለጹ» ካለ ይህ ራሱ መልስ ነው፤ y' ውስጡ እስከሌለ ድረስ። ከዚያ በላይ ያለው የሰው ምርጫ ነው። የሚያርም መምህር ከመልስ ወረቀቱ ጋር አንድ አይደለም ብሎ ነጥብ ሊቀንስ አይገባም።

አስጠኚ_ጎንደር

y' ውስጡ መቅረት የለበትም በሚለው ሁላችንም እንስማማለን። y' የቀረበት መልስ አላለቀም። ከዚያ በኋላ ግን የሜላትና የሳሮን ጥያቄ አንድ ዓይነት አይደሉም። የሜላት ላይ 6(x² + xy + y²)ን 42 ሳያደርጉ መተው ማለት እዚያው ያለ ቁጥርን አለመጻፍ ነው፤ ምርጫ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም። የሳሮን ላይ ግን ሦስቱንም እቀበላለሁ።

ቶሎ_ቶሎ

በሜላት ጥያቄም ቢሆን ሙሉ ነጥብ እሰጥ ነበር። እኩልነቱ እውነት ነው።

ፖሊ_ኖሚያል

የሜላት ላይ ሙሉውን ገብቶ የሳሮን ላይ ያልገባበት ምክንያት አለው፤ አስቀድሞም መለየት ይቻላል። x² + xy + y² ላይ የእያንዳንዱን ተርም ፓወር ደምሩ፦ x² ሁለት፣ xy አንድና አንድ ሁለት፣ y² ሁለት። ሁሉም እኩል ነው። x² + y³ ላይ ግን ሁለትና ሦስት ነው።

ግራ ጎኑ f ሁሉም ተርሙ እኩል ዲግሪ n ያለው፣ ቀኝ ጎኑ ደግሞ ኮንስታንት c ከሆነ፣ የ y'' ላይኛው ክፍል ውስጥ c ሁልጊዜ ተባዢ ሆኖ ይወጣል። ከኦይለር የሆሞጂኒየስ ፈንክሽን ቲዎረም የሚመጣ ነው። ፓርሻል ዴሪቬቲቭ ለተማሩ፣ n ከ 1 የተለየ ሲሆን፦

y'' = −(n/(n − 1)) · c · (f_xx f_yy − f_xy²)/(f_y)³

የሜላትን ሞክሩት። n = 2፣ c = 7፣ f_xx = 2፣ f_yy = 2፣ f_xy = 1። ቅንፉ 4 − 1 = 3። 2 × 7 × 3 = 42። f_y ደግሞ x + 2y ነው። ሳይደክሙ ይወጣል።

ፓርሻል ያልተማረ ሰው ቀመሩን መሸምደድ የለበትም። የሚጠቅመው ፓወር መደመሩ ነው፦ ሁሉም እኩል ከሆነ መጨረሻ ላይ የመነሻው እኩልዮሽ ሙሉውን እንደሚገባ ጠብቁ፤ እስኪገባ ድረስም አላለቀም። እኩል ካልሆነ ግን ያንን ቅንፍ ስትፈልጉ ጊዜ አታጥፉ።

ሳሮን_ፊ

ይህ በጣም ጠቀመኝ። ታዲያ x³ + y³ = 6xy ላይስ? በግራ ሁሉም ሦስት ነው፤ ቀኙ ግን ኮንስታንት አይደለም።

ፖሊ_ኖሚያል

ሕጉ እሱን አይሸፍነውም። 6xyን ወደ ግራ ብታመጪው ዲግሪው ይደባለቃል። ሆኖም እሱም ያማረ መልስ አለው፦ −16xy/(y² − 2x)³። ስለዚህ ያልኩት ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ዲግሪው እኩል ከሆነ ይጣፋል፣ እኩል ካልሆነ ግን አንዳንዴ ይጣፋል፣ አንዳንዴ አይጣፋም። «ጊዜ አታጥፉ» ያልኩትን በዚህ አርሙልኝ፤ x³ + y³ − 6xy የሚል ቅንፍ ላዕሉ ላይ ካያችሁ ዜሮ ነው፣ አጥፉት። (3, 3) ላይ ማረጋገጥ ትችያለሽ፦ y' = −1፣ y'' = −144/27 = −16/3።

ሜላት_12

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ለመለማመድ x⁴ + y⁴ = 16ን ሠራሁ። ጋሼ ቀመር እንዳሉት y'ን እስከ መጨረሻው አቆየሁት፦

y' = −x³/y³

y'' = −(3x²y³ − 3x³y²y')/y⁶ = −3x²(y − xy')/y⁴

y − xy' = y + x⁴/y³ = (y⁴ + x⁴)/y³ = 16/y³

y'' = −48x²/y⁷

ፓወሩ ሁሉም አራት ስለሆነ 16 እንደሚገባ አስቀድሜ ጠብቄ ነበር፤ ገባ። አንድ ነገር ግን ግር አለኝ። (0, 2) ላይ y'' = 0 ነው። ኢንፍሌክሽን ፖይንት ነው ማለት ነው?

አስጠኚ_ጎንደር

ስሌትሽ አንድም ስህተት የለውም። ኢንፍሌክሽን ግን አይደለም። ኢንፍሌክሽን እንዲሆን y'' ዜሮ መሆኑ አይበቃም፤ ከነጥቡ ግራና ቀኝ ምልክቱ መለወጥ አለበት። አንቺ ያገኘሽው ላይ x² ነው ያለው፤ x ከዜሮ በታችም ሆነ በላይ ሲሆን x² ፖዘቲቭ ነው፤ እዚያ አካባቢ y ወደ 2 ስለሚጠጋ y⁷ም ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ጎን y'' ኔጌቲቭ ነው። ከርቩ እዚያ ጋ በጣም ይለጠጣል እንጂ አጎባበጡን አይለውጥም። x = 0.5 ላይ yን በካልኩሌተር አውጪው፤ 1.998 አካባቢ ነው፣ ከ 2 ብዙም አልወረደም።

16ን ሳትተኪ ብትተዪው ኖሮ ይህንን −3x²(x⁴ + y⁴)/y⁷ ላይም ማየት ይቻል ነበር፤ ቅንፉ ፖዘቲቭ ነውና። በሌሎቹ ጥያቄዎች ግን ቅንፉ ሁልጊዜ እንዲህ ገር አይሆንም።

ሜላት_12

ገባኝ። (2, 0) ላይ ደግሞ y ዜሮ ስለሆነ ታች ያለው ዜሮ ይሆናል፤ እንደ x + 2y = 0 ታንጀንቱ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ነው፣ አይደል?

አስጠኚ_ጎንደር

አዎ፣ ልክ እሱ ነው። (−2, 0) ላይም እንዲሁ።